ሁለት ግፊት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ እህቴ ሹራብ ጠባቂ ነበረች። ማንም በዚህ ሥራ አልሾማትም። ተማሪው ወደ ሜዳ ሲወርድ ሹራቡን እያወለቀ ጭኗ ላይ ይጥላል፤ ደብተሩን በወንበሯ ጎን ይሰካል፤ የእጅ ሰዓት ያለው ሰዓቱን ያስይዛታል። ከስድሳ በላይ ነበርን። አንዳንድ ቀን ከክምሩ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እኔም የራሴን ሹራብ እዚያው እጥል ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም።

በዕድሜ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ስለያዛት ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ ስለዚህ አንድ ክፍል ሆንን። እስከ ስድስተኛ ክፍል ታላቅ ወንድማችን በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት አድርሷታል። በኋላ እሱ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከጭነቱ ላይ በገመድ የታሰረ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መጣ። አንድ ክሊኒክ አሮጌውን ሲያስወግድ ለምኖ የወሰደው ነው። ከባድ ብረት ነበር፤ ከኋላ ሁለት ትልልቅ፣ ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ከዚያ ወዲህ የምገፋው እኔ ሆንኩ። አምቦ ጋሪ የሞላባት ከተማ ስለሆነች ልጆቹ ስም ለማውጣት አልተቸገሩም።

«ፈረስ! ዛሬ ገብስ በልተሃል?» ይለኛል የክፍላችን ረጅሙ ልጅ፣ በምላሱ እንደ ባለ ጋሪ ቀጭ ቀጭ እያደረገ።

«አልበላሁም፤ ያንተን ድርሻ አልነካሁም» እለው ነበር።

ከዚያ በክረምቱ መውጫ፣ ባኮ ከተማ በቆሎ ሊጭኑ ሲሄዱ፣ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ወንድማችን ሞተ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞክሬአለሁ። ትምህርት ቤት ስንመለስ ፈረስ የሚለኝ ጠፋ። ረጅሙ ልጅ ሲያየኝ መንገድ ይለቅልኛል። ሐዘን የገባበት ሰው አይነካም፤ በእኛ አገር ልማዱ ይህ ነው። ጥሩ ልማድ ነው። እኔ ግን፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ከመንገዱ ዳር ወጥቼ የቆምኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን በዚያ ዓመት አዲስ የተመደበ፣ ከሐረር በኩል የመጣ ወጣት ነው። ኦሮምኛው የእኛ አይመስልም ነበር፤ ሰላምታ ሲሰጠን ሴቶቹ ይስቁበታል። ከለቅሶው አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እህቴን ከሹራቡ ክምር ሥር አያትና ወደ እኔ መጣ።

«እህትህ በእኔ ክፍለ ጊዜ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ሹራብ ትጠብቃለች፣ ቲቸር።»

«እሱን አየሁ። ውጤቷንስ ምን ብለው ይሞሉላታል?»

«ሰረዝ ነው የሚደረግላት።»

ከዚያ «ከትምህርት በኋላ ዕቃ ቤት ናና ዕቅድ እናውጣ» አለኝ። እኔን ነው የጠራው፤ እሷን አልጠራም። ለእኔም ለመምህሩም ያ ትክክል መስሎን ነበር።

ዕቃ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የቆዳ ኳስና የኖራ ሽታ ነበረው። መምህሩ የዕለት ትምህርት ዕቅድ የሚጻፍበትን ወረቀት ዘረጋ። ዓምዶች አሉት፦ ጊዜ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ አስተያየት። በየሳምንቱ ርእሰ መምህሩ ሳይፈርሙበት ክፍል አይገባም። ትምህርቱ እጅ ኳስ ነበር። ሜዳው ጥቁር አፈር ስለሆነ ጎማው ይሰምጣል አልኩት። እንግዲያውስ ባንዲራ የሚሰቀልበት የተደለደለው ጠጠር ላይ እንሠራለን አለ። ኳስ ለእህቴ ሲደርስ ማንም እንዳይቀማት የሚል ደንብ ጨመረ። ገፊው እኔ ነኝ። «የተማሪው ተግባር» ከሚለው ሥር «በወንድሟ እየተገፋች ትጫወታለች» ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ። የሆነ ነገር የሠራን መሰለኝ።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ወላጆቻችን ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ይሏቸዋል፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ጓድ ይባላሉ። ለቅሶ ቤታችን ሦስት ቀን የተቀመጡ ሰው ናቸው።

«ብትወድቅስ? ያቺ እናት ትናንት ልጅ የቀበረች ናት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እጅህ ከወንበሩ ከተነሣ ትምህርቱ እዚያው ላይ ይቆማል» አሉና ፈረሙ።

የመጀመሪያው ትምህርት ሐሙስ ዕለት ነበር። ሌላው ተማሪ በግድግዳው ሥር ኳስ ሲቀባበል፣ አምስት ለአምስት የሆነ ጨዋታ በጠጠሩ ላይ ተጀመረ። እኔ እሮጣለሁ፤ ወንበሩ ይንገጫገጫል፤ ትንንሾቹ ጎማዎች ጠጠር ሲነክሱ በደረቴ እየደገፍኩ አነሣቸዋለሁ። ኳስ ወደ እህቴ መጣ። ያዘችው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ቆመ። የእኛም ቡድን ቆመ፤ ተቃራኒዎቹም ወደ ጎን ሸሽተው መንገድ ከፈቱ። ረጅሙ ልጅ ግብ ጠባቂ ነበር። ከግቡ ወጥቶ ቆመ። እየገፋሁ አደረስኳት። ወረወረች፤ ገባ። ሁሉም አጨበጨበ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ኳሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልወረወረችም።

«ወርውሪው እንጂ!» አላት አንዱ፣ በለስላሳ ድምፅ።

አልወረወረችም። ደወሉ እስኪደወል ኳሱን እንደያዘች ተቀመጠች። ማንም ሊወስድባት አልደፈረም። ደንቡ ነው፤ ደግሞም ሐዘንተኛ ናት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ። ምን እንደተበላሸ አልገባኝም።

ተማሪው ከተበተነ በኋላ መምህሩ መጣ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ከዚያ እሷን አየ። አንድ ጠብታ ላብ የለባትም።

«ትምህርቱን የወሰድከው አንተ ነህ» አለኝ።

እህቴ ያን ጊዜ ተናገረች። «ቲቸር፣ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ለኔ ነበር ምግብ የሚያቀርቡልኝ። እኔ እስክጎርስ ሁሉም ያየኝ ነበር። ዛሬም እንደዚያ ነው።»

መምህሩ ወረቀቱን አጠፈና «ነገ ዕቃ ቤት ነይ» አላት። አንቺ ነው ያላት። እኔን አልጠራኝም። እኔ ግን ሄድኩ፤ ያለ እኔ እንዴት ትደርሳለች ብዬ።

በማግስቱ ዕቅዱ ከወረቀት አልተጀመረም። መምህሩ ጠጠሩን በመጥረጊያ አስጠረገኝ፤ ልቅ ልቁ ጠጠር ተነሥቶ የተረገጠው መሬት ብቻ ቀረ። ከዚያ «እስቲ ብቻሽን ሂጂ» አላት። እጄን አነሣሁ። ወንበሩ ወደ ፊት ሲሄድ ልቤ አብሮ ሄደ። እጇ ብርቱ ነው። በዚያ መሬት ላይ ብቻዋን መሄድ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ማታ ማታ በጓሮ ትሞክር እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

በእጅ ኳስ፣ ኳስ የያዘ ሰው ከሦስት እርምጃ በላይ አይሄድም። መምህሩ ለእሷ ሦስት ግፊት ይሁን አለ። ለኩት። ሦስት ጊዜ ስትገፋ፣ እኔ በስድስት እርምጃ የምደርስበት ደረሰች።

«ይኼ አድልዎ ነው» አለች።

«ለማን?»

«ለእኔ። በዛብኝ። ሁለት ይሁን።»

ሁለት ሞከሩ። አራት እርምጃ ያህል ሆነ። ተስማሙ። ሁለት ግፊት፣ ከዚያ ማቀበል ወይም መወርወር።

ቀጥሎ መምህሩ ኳሱ መሬት ላይ ቢወድቅባት ማን ያንሣላት ብሎ ተጨነቀ። ጎንበስ ብላ ልትደርስበት አትችልም። እህቴ ኳሱን መሬት ላይ እንዲያስቀምጥ ጠየቀችው። ወንበሩን አስጠጋች፤ ኳሱን በመዳፏ ከትልቁ ጎማ ጋር አጣበቀችና ጎማውን ወደ ፊት ነዳችው። ኳሱ ከጎማው ጋር እየተሽከረከረ ወደ ላይ መጣ፤ ጭኗ ላይ ወደቀ። መምህሩ አፉን ከፈተ።

«ይህን የት ተማርሽ?»

«ሹራብ ስጠብቅ። ኳስ እየተንከባለለ ይመጣል። ጠርቼ ከምለምናቸው ብዬ።»

የቀረውን አብረው ጨረሱ። ወንበሩን ማንም አይዝም፤ ማንም አይደገፍበትም። የሚከላከላት ሰው እንደማንኛውም ተጫዋች ፊት ለፊት ይቆማል፤ ኳሱን መንጠቅ ይችላል፤ እጇንና ጎማዋን መንካት ግን ጥፋት ነው። እሷም በወንበሩ ሰው ከገጨች ጥፋት ነው። የእግር ማስቀመጫው ብረት የሰው ቅልጥም እንዳይሰብር በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ይጠቀለላል። ወገቧ በቀበቶ ይያዛል። በማሟሟቂያው ሌላው ሲሮጥ እሷ በዚያው መስመር ትዞራለች፤ የክንዱን እንቅስቃሴ ሁሉም አብሮ ይሠራል። ውጤቱም በአንድ መመዘኛ ነው፦ ማቀበል፣ መያዝ፣ መወርወር፣ ቦታ መያዝ።

«እኔስ?» አልኩ።

መምህሩ ወረቀቱን አየ። «አንተ በተቃራኒው ቡድን ነህ። የምትከላከለው እሷን ነው።»

ርእሰ መምህሩ በዚህኛው ላይ አልፈረሙም። ተቆጥተውም አልነበረም። «እናትየዋ ይወቁ። በወረቀት ላይ አሻራቸውን ያድርጉ። አለዚያ ልጅቷ እንደ ድሮው ትቀመጣለች» አሉ። ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

አሁን ያደረግኩትን መጻፍ አለብኝ። ወረቀቱን ለእናቴ አልሰጠሁም። ሂሳብ መጽሐፌ ውስጥ ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። ሰኞ ዕለት ለመምህሩ «እናቴ አልፈቀደችም» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አሁንም በደንብ አላውቅም። ፈርቼ ነው እላለሁ። ወንድማችን ሲሞት፣ ከቀብር ስንመለስ፣ እናቴ እጄን ይዛ «ኢልማ ኮ፣ እሷን አደራ» ብላኝ ነበር። ልጄ ማለቷ ነው። እኔ አደራ ማለት እጅ አለማንሣት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ወንበሩን ካልገፋሁ ደግሞ፣ ወንድሜ በሞተበት ቤት ውስጥ እኔ ምንድን ነኝ? እንዲህ ብዬ በቃል አላሰብኩም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ነበር።

መምህሩ ለእህቴ ነገራት። ቤት ስንደርስ እህቴ በር ላይ ወንበሩን ራሷ አቆመችና እናታችንን ጠራች።

«አዮ! የስፖርቱን ወረቀት እምቢ ብለሻል እንዴ?»

እናታችን ከጓዳ ወጣች። እጇ ሊጥ ነበር። «የምን ወረቀት?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከመጽሐፉ አውጥቼ ሰጠሁ። እህቴ በኦሮምኛ አነበበችላት፤ ብቻዋን እንደምትሄድ፣ ሰው ኳስ እንደሚነጥቃት፣ ልትወድቅ እንደምትችልም ሳትደብቅ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለሽ የምትጫወቺው ጨዋታ የለም?»

«የለም።»

«ብትወድቂ ያነሡሻል?»

«ያነሡኛል። እንደማንም ሰው።»

እናቴ ለእኔ ነው የተናገረችው። «ወንድምህ መጀመሪያ ቀን ሲያዝላት አላስፈቀደኝም። ከወንዙ ማዶ ወድቀው ጭቃ ሆነው መጡ። ተቆጣሁ። በማግስቱም አዘላት።» ስለ እሱ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ስታወራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እጇን ታጠበች። ቀለም አልነበረንም፤ ከእስክሪብቶዬ ውስጥ ቀለም አፍስሼ አውራ ጣቷን ቀባሁ። አሻራዋን አደረገች። እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ ርእሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው በባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆሙ። ሹራብ የሚሰቀልበት ገመድ በሁለት ዛፍ መካከል ተዘርግቷል። መምህሩ ደንቡን ለሁሉም አነበበ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ያነበበው «ኳስ የሚለቅላት ተጫዋች ከጨዋታ ይወጣል» የሚለውን ነበር። ተማሪው እርስ በርሱ ተያየ።

ተጀመረ። ኳስ ደረሳት። እኔ ፊቷ ቆሜአለሁ። እግሬ በራሱ ወደ ጎን ሄደ፤ መንገድ ለቀቅኩ። ወርውራ ሳተች።

«አንተ ግንድ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ከቆምክ አይቀር ተከላከል!»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። እንደገና ኳስ ያዘች። በዚህ ጊዜ ረጅሙ ልጅ፣ ዛሬ ግብ ጠባቂ ያልነበረው፣ ከጎን መጥቶ ከእጇ ላይ ነጠቃት። ንጹሕ ንጥቂያ ነው፤ ጎማውን አልነካም። ሜዳው ግን ፀጥ አለ። «እንዴ! ነውር አይደለም?» ያለ ሰው ሰማሁ። ረጅሙ ልጅ ራሱ ደንግጦ ኳሱን ታቅፎ ቆመ፤ ርእሰ መምህሩንም ሊያይ ዞረ። መምህሩ ፊሽካውን አልነፋም። እህቴ ግን አልጠበቀችም። ወንበሩን አዞረች፣ መንገዱን ዘጋችበት፣ ደንግጦ ሲያቀብል ኳሱን በአየር ላይ በአንድ እጇ መታችው። ኳሱ ጎማዋ አጠገብ ወደቀ። ከጎማው ጋር አጣበቀች፣ አነሣችው፣ አቀበለች። የቡድኗ ልጅ አገባ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ጨዋታው ጨዋታ የሆነው። ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደነጠቀ ማስታወስ አልችልም። አንድ ጊዜ ወንበሩ አዘንብሎ ነፍሴ ወጣች፤ ራሷ አስተካከለችው። ርእሰ መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡና ተመለሱ። ፊቷ በላብ ረጥቦ ነበር። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ነበርን። እህቴ ኳስ ይዛ ወደ ግቡ ገፋች። አንድ። እኔ ፊቷ ነበርኩ፤ አሁን በእውነት እከላከል ነበር፣ እጆቼን ዘርግቼ። ወደ ግራ ገፋች። ሁለት። ከዚያ ልትወረውር ስትል ጎማው ትንሽ ሄደ፤ እጇ የጎማውን ብረት ሲነካ አየሁ። ወረወረች። ገባ። ቡድኗ ጮኸ። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ።

«ሦስት ግፊት! አይቆጠርም!»

«ሁለት ነው!» አለች እህቴ።

«ሦስት!»

«ሁለት ነው፣ ቲቸር! ሦስተኛው በራሱ ነው የተንከባለለው!»

ሜዳው ተነሣ። ግድግዳ ጋ የነበሩት ሳይቀሩ መጥተው ከበቡን። ግማሹ ሁለት ነው ይላል፤ ግማሹ ሦስት። ረጅሙ ልጅ ጣቱን ወደ እሷ እየቀሰረ «አታጭበርብሪ!» ይላል፤ «አንተ ራስህ ከአንድ በላይ መቁጠር ትችላለህ?» ትለዋለች። በዚያ ስድስት ሰባት ሳምንት ማንም እንዲህ ጮክ ብሎ አላናገረንም ነበር። መምህሩ እጁን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«የተከላከልካት አንተ ነህ። ቅርብ ነበርክ። ስንት ነው?»

ሁሉም አየኝ። እሷም አየችኝ። እንባዬ መምጣቱ ገብቶኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። እጇን አይቻለሁ። ብረቱን ነክቷል።

«ሦስት ነው» አልኩ።

ግቡ አልተቆጠረም። ርእሰ መምህሩ ሲሄዱ መምህሩን «የሜዳውን መስመር አስፋው፤ ለሚቀጥለው ዕቅድ ወረቀቱን ቀደም አድርገህ አምጣልኝ» ሲሉት ሰማሁ። በዚያ ወሰነ ትምህርት ካርዷ ላይ በሰረዙ ቦታ ቁጥር ገባ። ከረጅሙ ልጅ ያንሳል፤ ከእኔ ይበልጣል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ወንበሩን አላስያዘችኝም። ዳገቱ ላይ ሲከብዳት ብቻ፣ ሳትዞር፣ «ያዝ» አለችኝ፤ ሲያልቅ «ልቀቅ» አለችኝ። ቤት ስንገባ እናቴ ፊታችንን አየች።

«ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ?»

«ሦስት ነው ይላል» አለች እህቴ።

እናቴ ስለ ምን እንደምናወራ አላወቀችም። ያም ሆኖ ወደ እኔ ዞራ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመርን። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች ሰማችን። አላስቆመችንም።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እህቴ ዛሬም ሁለት ነው ትላለች።